የልብስ ርዕስ በስልክ ሲቆረጥ፦ የትኛው የቃላት ቅደም ተከተል ይሻላል?

በአማርኛ ገላጩ ከዕቃው ስም ይቀድማል። «ነጭ ቀሚስ» እንላለን፤ ገላጭ ስንጨምር ደግሞ «ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ»፣ «በእጅ የተሠራ ጥልፍ ያለው ነጭ ቀሚስ» እያልን ስሙን ወደ ኋላ እንገፋዋለን። ሰው ለሰው ሲነጋገር ይህ ምንም አይጎዳም፤ ሰሚው ስሙ እስኪመጣ ይታገሣል። የስልክ ማያ ግን ትዕግሥት የለውም። ቦታው ሲያልቅ ሦስት ነጥብ አስቀምጦ ይዘጋል፤ ከማያው ውጭ የሚቀረውም ብዙ ጊዜ የዕቃው ስም ራሱ ነው።

ደብረ ማርቆስ ላይ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ በኢንተርኔት ገበያ ላይ ያወጣችውን ርዕስ እንደ ምሳሌ እንያዘው፦

«በእጅ በተፈተለ ጥጥ የተሠራ አረንጓዴ ጥለት ያለው የሴቶች የሐበሻ ቀሚስ ከነጠላ ጋር ልክ M»

አማርኛው ንጹሕ ነው፤ የቀረ መረጃም የለም። አዲስ አበባ ተቀምጣ ለጥምቀት ልብስ የምትፈልግ ሴት በስልኳ የምታየው ግን ይህን ብቻ ነው፦

«በእጅ በተፈተለ ጥጥ የተሠራ አረንጓዴ ጥለት…»

አረንጓዴ ጥለት ያለው ምን? ጋቢም ጥለት አለው፤ ነጠላም አለው። «ቀሚስ» የሚለው ቃል የሚጀምረው ክፍት ቦታውም ተቆጥሮ 43ኛው ላይ ነው። ልኩን የሚነግረው M ደግሞ 58ኛው ላይ፣ ከሁሉም መጨረሻ ተቀምጧል። ገዢዋ ሳትነካው ብታልፍ የሚያስገርም አይደለም።

ስንት ፊደል ይታያል?

ሁለት የተለያዩ ልኮች አሉ፤ ሻጮች ዘወትር የሚያምታቷቸውም እነዚህኑ ነው። አንደኛው ገበያው እንድንጽፍ የሚፈቅደው ልክ ነው። ኢቤይ 80 ሆሄ ይፈቅዳል፤ ኤትሲ 140፤ ጉግል ለዕቃ ማስታወቂያ 150። ሁለተኛው በስልክ ላይ የሚታየው ልክ ሲሆን ይህ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ያንሳል። ጉግል ራሱ 150 እየፈቀደ ለተመልካቹ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ 70 ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ለሻጮች ይገልጻል። እንግዲህ ርዕሱ «ተቀባይነት አገኘ» ማለት «ሙሉውን ታየ» ማለት አይደለም።

በፊደላችን ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ በቁጥር ሲታይ ቆጣቢ ነው። «ቀሚስ» ሦስት ፊደል ነው፤ በላቲን ቢጻፍ አምስት ይሆናል። ሆኖም ስልኩ የሚቆርጠው ፊደል ቆጥሮ ሳይሆን የመስመሩን ወርድ ለክቶ ነው። የእኛ ፊደሎች ደግሞ ከላቲኖቹ ይሰፋሉ። ከራሳቸውም መካከል ባለ ሦስት እግሮቹ ሐ፣ ጠ እና ጨ ባለ አንድ እግሮቹን ነ እና ገን ያህል ቦታ አይበቃቸውም። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ርዕስ የተነገረ ቁጥር ለአማርኛ በቀጥታ አይሠራም።

ዕቃዎች ሁለት ሁለት ሆነው ጎን ለጎን በሚደረደሩበትና ርዕሱ ሁለት መስመር ብቻ በሚሰጠው ገበያ ላይ፣ በተለመደ ስልክ፣ ከ25 እስከ 35 የሚደርስ የአማርኛ ፊደል ቢታይ ነው። በሌላ ገበያ አንድ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ መስመር ላይ ዋጋው ድርሻውን የሚወስድበትም አለ። የራስን ልክ ለማወቅ መንገዱ ቀላል ነው። ቀድሞ ከወጡት ዕቃዎች መካከል ርዕሱ የተቆረጠ አንዱን በስልክ መክፈትና እስከ ሦስቱ ነጥብ ድረስ ያለውን ክፍት ቦታውን ጨምሮ መቁጠር ነው። ይህን በሻጭ ገጽ ሳይሆን በገዢ ዓይን፣ ማለትም ከፍለጋ ውጤት ላይ ማየት ያስፈልጋል። ቢቻል የጽሑፉን መጠን አጉልቶ በሚጠቀም ሰው ስልክም ይታይ። ጋቢ የሚገዙ አባቶችና እናቶች ብዙዎቹ ጽሑፉን አጉልተው ነው የሚያነቡት፤ ለእነርሱ 30 የነበረው 20 ሊሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ልኩን 30 አድርገን ያንኑ ቀሚስ በሦስት አደራደር እንየው።

ሦስቱ አደራደሮች

የመጀመሪያው ከላይ ያየነው፣ ሰዋስው እንደሚያዘው ገላጩን ሁሉ አስቀድሞ ስሙን መጨረሻ የሚያደርገው ነው። ጥቅሙ ለጆሮ መጣፈጡ ነው። ጉዳቱን አይተነዋል።

ሁለተኛው ይህንን ገልብጦ ስሙን ፊት አምጥቶ ዝርዝሩን በነጠላ ሰረዝ እያከታተለ ከኋላ የሚያሰልፈው ነው፦

«የሐበሻ ቀሚስ፣ ፈትል፣ ከነጠላ ጋር፣ M ልክ፣ አረንጓዴ ጥለት»

እስከ 30 ድረስ የዕቃው ስም፣ የጨርቁ ዓይነት፣ ነጠላ መኖሩና ልኩ ሁሉ ገብተዋል። ከመስመር የሚወድቀው የጥለቱ ቀለም ብቻ ነው። በመረጃ ረገድ እንከን አይወጣለትም። እንደ ዕቃ መረከቢያ ሰነድ ደረቅ ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ግን ደረቅነቱ የሚከብደው ርዕሱ ብቻውን ሲነበብ ነው። ገዢው ጣቱን እያንሸራተተ በብዙ ዕቃ መካከል ሲያልፍ የሚፈልገው ወግ ሳይሆን «ይሄ ነው፣ አይደለም» የሚያሰኝ ቃል ነው።

ሦስተኛው በመካከላቸው ያለ ነው። አንድ አጭር ገላጭ ብቻ ከስሙ ፊት ይቀመጣል፤ ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፦

«የፈትል ቀሚስ ከነነጠላው፣ M ልክ፣ አረንጓዴ ጥለት»

ይህ ሙሉው 32 ነው። 30 ላይ ቢቆረጥ እንኳ የሚጎድለው «ጥለት» የምትለው የመጨረሻዋ ቃል ናት። አማርኛነቱንም አልለቀቀም፤ አንድ ሰው በቃሉ ቢያነበው አይደናቀፍም።

እኔ ለአብዛኛው የልብስ ሻጭ የምመርጠው ይህን ሦስተኛውን ነው። ወሳኙ ጥያቄ ከስሙ ፊት እንድትቀመጥ ዕድል የምታገኘው አንዲት ገላጭ የትኛዋ ትሁን የሚለው ነው። መልሱ ዋጋውን የምትወስነዋ መሆን አለባት። በቀሚስ ላይ በእጅ የተፈተለ መሆኑ ዋጋውን ከፋብሪካ ክር በእጅጉ ስለሚለየው «የፈትል» ይቀድማል። በጋቢ ላይም እንዲሁ። በሱሪ ላይ ጂንስ መሆኑ፣ በጫማ ላይ ቆዳ መሆኑ ነው። «ቆንጆ»፣ «ልዩ»፣ «አዲስ የገባ» የሚሉት ግን ለማንኛውም ዕቃ ስለሚሆኑ የትኛውንም ዕቃ አይለዩም። ርዕስ ላይ ቦታ ቢሰጣቸው እንኳ ከኋላ ነው።

ሁለተኛው አደራደር የሚበልጥበት ሁኔታም አለ። አንድ ሱቅ ከጋቢ እስከ ሸሚዝ፣ ከካልሲ እስከ ካፖርት የተደባለቀ ዕቃ የሚያወጣ ከሆነ፣ ስሙ ሁልጊዜ ከመጀመሪያ መሆኑ ገዢው ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች የመጀመሪያ ቃላቱን ብቻ እያየ እንዲወርድ ያስችለዋል። ወጥነቱ ራሱ አገልግሎት ነው። አንዱን ርዕስ በስም፣ ሌላውን በገላጭ መጀመር ግን ከሁለቱም ይከፋል።

«ፎቶው እያለ?»

ይህን ለነጋዴዋ ባነሣሁላት ጊዜ መልሷ ፈጣን ነበር። «ወንድሜ፣ ቀሚስ መሆኑን ፎቶው ያሳይ የለ? ስሙን ፊት ማምጣት ምን ያደርጋል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግማሹም ትክክል ነው። ፎቶው ቀለሙን ያሳያል፤ ስለዚህ ቀለም ከኋላ ቢሆን፣ ቢቆረጥም እንኳ አያስቆጭም። ለሴት መሆኑንም ፎቶው ይነግራል፤ «የሴቶች» የሚለውን ከቀሚስ ርዕስ ላይ ያወጣሁት ለዚህ ነው። ቀሚስ ከሆነ የሴት ነው፤ «የሴቶች ቀሚስ» ማለት ቦታ ማባከን ነው። «የተሠራ» እና «ያለው»ም ከሰዋስው ግዴታ በቀር የሚሸከሙት ነገር የለም።

ፎቶው የማይነግረው ግን ሌላ ነው። ከትከሻዋ ላይ ያለው ነጠላ አብሮ ይሸጣል ወይስ ለፎቶው ብቻ ነው? ጨርቁ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ ክር? ልኩ ስንት ነው? ጋቢ ከሆነ ደግሞ አራት ድርብ ነው ወይስ ሳስቶ ነጠላን የሚመስል? ሦስተኛው አደራደር ውስጥ ከስሙ ቀጥሎ «ከነነጠላው» የመጣውና ከእርሱ ቀጥሎ ልኩ የገባው ለዚህ ነው፤ ፎቶው ዝም የሚልበትን ርዕሱ ይናገራል። ስሙም ቢሆን የሚወስደው ሦስት ፊደል ነው፤ ፎቶ በሌለበት የስልክ ማሳወቂያ ላይ ርዕሱ ብቻውን ሲመጣ ያንን ሦስት ፊደል የሚተካው የለም።

ቁራጩ የት ላይ ያርፋል?

ጥሩ አደራደር እንኳ መጥፎ ቦታ ላይ ከተቆረጠ ትርጉም ያዛባል። የመጀመሪያው ወጥመድ «ልክ M» የሚለው አጻጻፍ ነው። መስመሩ በሁለቱ መካከል ካለቀ የሚታየው «ልክ…» ነው፤ ከዚህ ማንም ምንም አያገኝም። «M ልክ» ብሎ ቢጻፍ ግን የሚታየው «M…» ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ሁሉም ይረዳዋል። ጫማም ላይ «ቁጥር 42» ከማለት «42 ቁጥር» ማለት በዚሁ ምክንያት ይሻላል። ቁጥሩ ወይም ምልክቱ ይቅደም፤ መጠሪያው ይከተል።

ሁለተኛው ወጥመድ «ከ… ጋር» ነው። «ከነጠላ ጋር» የሚለው ከ«ጋር» በፊት ከተቆረጠ «የፈትል ቀሚስ ከነጠላ…» ሆኖ ይቀራል፤ ከነጠላ የተሰፋ ቀሚስ ይመስላል። በእርግጥ ነጠላን ሰፍተው ቀሚስ የሚያደርጉ ስላሉ ይህ ተራ ስጋት አይደለም። «ከነነጠላው» ግን አንድ ቃል ስለሆነ ከኋላው ተቆርጦ ትርጉሙን የሚያዛባ «ጋር» የለውም። «ከነቀበቶው»፣ «ከነሸሚዙ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ቋንቋው ያዘጋጀልን አቋራጭ እያለ ሁለት ቃል መጠቀም አያስፈልግም።

ሦስተኛው ክፍት ቦታ ለመቆጠብ ቃላትን ማጣበቅ ነው። «ባለአረንጓዴጥለት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንዳንድ ፊደል ያተረፈ ይመስለዋል። ስልኩ ግን መስመር የሚሰብረው በቃላት መካከል ነው። የተጣበቀው ረጅም ቃል በመጀመሪያው መስመር ካልበቃ እንዳለ ወደ ሁለተኛው ይወርድና ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል። ከተቆጠበው በላይ ይጠፋል ማለት ነው። የአበባና የእሳት ምስሎችን ከርዕሱ ፊት መደርደርም ተመሳሳይ ኪሳራ ነው፤ እያንዳንዱ ምስል ቢያንስ የአንድ ሰፊ ፊደል ቦታ ይበላል።

ልኩ ከሁሉም የሚቀድምበት ጊዜ

እስካሁን ያልነው ለሐበሻ ልብስ ነው። ሰልባጅ ልብስ የሚሸጥ ሰው ግን ነገሩ ይለይበታል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ልኩ ካልሆነ ሌላ ልክ የለም። ጂንስ ብቻ በሚሸጥ ገጽ ላይ ሁሉም ርዕስ «ጂንስ ሱሪ» ብሎ ቢጀምር ገዢው ሃያ ጊዜ አንድ ቃል ያነባል። እዚያ ላይ «32 ጂንስ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ የወንድ» ብሎ በወገብ ልክ መጀመር ነው ትክክሉ። የሚያስፈልገው 34 የሆነ ሰው በአንድ እይታ ያልፋል፤ 32 የሆነው ይቆማል። ሻጩም «34 አለ?» እያሉ ለሚደውሉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲመልስ አይውልም።

የልጆች ልብስም ወደዚህ ያደላል። ወላጅ የሚፈልገው በዕድሜ ነው፤ «የ4 ዓመት ቀሚስ፣ ጥጥ፣ ከነሱሪው» ዕድሜውን ፊት አድርጎ ስሙንም ወዲያው ያስከትላል። አዋቂ ሴት ግን ቀሚስ የምትፈልገው በልክ ጀምራ አይደለም፤ ልብሱን ወድዳ ነው ልኩን የምትጠይቀው። የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ በልኳ ሊሰፋላት ስለሚችል ልኩ ከስሙ ቢከተል እንጂ ቢቀድም ጥቅም የለውም። በልክ የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ በ«M ልክ» ፋንታ «በልክ የሚሰፋ» የሚለው ይገባል፤ ቦታ ይወስዳል፣ ግን ይገባዋል።

ርዕስ የሌለው ገበያ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ብዙ የልብስ ሻጭ የሚጠቀመው ቴሌግራም ነው። በቴሌግራም ርዕስ የሚባል ሳጥን የለም፤ ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ የመጀመሪያ መስመር ርዕስ ሆኖ ያገለግላል። በውይይቶች ዝርዝር ላይም ሆነ በማሳወቂያ ላይ የሚታየው እርሱ ነው። በበዓል ሰሞን ይህ መስመር ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፦ «ውድ ደንበኞቻችን እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም…»። መልካም ምኞት ነው፤ ግን ደርዘን ሻጭ በአንድ ጠዋት ይህንኑ ሲልክ ማንኛው ቀሚስ እንደሚሸጥ፣ ማንኛው ጫማ እንደሚሸጥ አይለይም። ሰላምታው ይቅር አልልም። የመጀመሪያው መስመር «የፈትል ቀሚስ ከነነጠላው፣ M ልክ» ይሁንና እንኳን አደረሳችሁ ከሥሩ ይከተል።

የሱቁን ስም አስቀድሞ መጻፍም እዚህ ላይ በብዛት አለ። የቻናሉ ስም ከላይ ተጽፎ ስለሚታይ ከሥሩ መድገም ትርፍ የለውም።

ከቁራጩ በኋላ የሚቀመጠው

ከሦስቱ ነጥብ በኋላ ያለው ቦታ ለዓይን የተዘጋ ቢሆንም ለፍለጋ አልተዘጋም። ገበያው ሲፈልግ ርዕሱን እስከ መጨረሻው ያነባል። ስለዚህ ሰዎች ሲፈልጉ የሚጽፏቸው ነገር ግን መታየት የማያስፈልጋቸው ቃላት ማረፊያቸው እዚያ ነው። በሦስተኛው አደራደር ላይ «የሐበሻ» የሚለው ቃል ወጥቷል፤ ብዙ ገዢ ደግሞ የሚፈልገው በእርሱ ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ «የሐበሻ ልብስ» ብሎ መጨመር ይገባል። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው የፊደላችን ድግግሞሽ ነው። ለኮምፒውተር ሐ እና ሀ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ገበያው አንድ አድርጎ እንዲያያቸው ካልተሠራ በቀር «ሀበሻ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሐበሻ» የተባለውን አያገኝም። ራሱን መሞከር ይቻላል፤ በሁለቱም ፈልጎ ውጤቱ ከተለያየ አንዱን በርዕሱ ጫፍ፣ ሌላውን በመግለጫው ውስጥ ማስገባት ነው።

የቦታ ስምም በዚሁ መንገድ ይመዘን። «ደብረ ማርቆስ» የሱቁን አድራሻ ብቻ የሚናገር ከሆነ ለእርሱ የተለየ ሳጥን ስላለ ከርዕሱ ይውጣ። «የጎጃም ጋቢ» ግን ገዢው የሚፈልገውን ሥራ የሚጠራ ከሆነ አድራሻ ሳይሆን ገላጭ ነው፤ ከፊት ያለችውን አንዲት ቦታ ሊወስድ ይችላል፦ «የጎጃም ጋቢ፣ ፈትል፣ አራት ድርብ»። ይህ ሙሉው 21 ስለሆነ ጽሑፍ ባጎላ ስልክ ላይም ቢሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይታያል።

ውጭ ላሉ ገዢዎች በኤትሲ ወይም በኢቤይ የሚሸጥ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍም ይህ ችግር አይለቀውም፤ እንግሊዝኛም ቅጽሎቹን ከስሙ ፊት ነው የሚያሰልፈው። Handwoven White Cotton Ethiopian Traditional Dress ተብሎ ሲጻፍ ልብሱ የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። Habesha Kemis with Netela, Size M, Handwoven Cotton ግን ገዢዋ በምታውቀው ስም ይጀምርና ነጠላውንና ልኩን ያስከትላል። 140 ተፈቅዷል ብሎ ሁሉንም መሙላት አያስፈልግም።

ርዕሱ ከተለወጠ በኋላ ለውጡ መሥራቱን የሚነግሩት የገዢዎች ጥያቄዎች ናቸው። «ነጠላው አብሮ ነው?» የሚለው ጥያቄ አሁንም የሚመጣ ከሆነ ቃሉ ከቁራጩ ወዲያ ቀርቷል ማለት ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይምጣ። በሌላ በኩል ማንም ሳይጠይቅበት ፊት ላይ የተቀመጠ ቃል ካለ ቦታውን ይልቀቅ። ሁሉንም ርዕስ በአንድ ቀን ከመገልበጥ ተመሳሳይ የሆኑ ጥቂት ቀሚሶችን ብቻ ለይቶ መቀየርና ከቀሩት ጋር ማስተያየት ይሻላል፤ የበዓል ሰሞን ገበያ ግን ሁሉንም ስለሚያነሣ ማስተያየቱን ከበዓል ራቅ ባለ ሳምንት ማድረግ ነው።